«ሐላል ነው» የሚለው ቃል ምን ያህሉን ይሸፍናል?

«በደሴ ለበጎ አድራጎት የሚውል የመንዙማ ምሽት እያዘጋጀን ነው። ከምናቀርባቸው አንዱ ኮምቦልቻ የሚኖሩ፣ በሕይወት ያሉ ሸኽ የደረሱት ነው። ደውለንላቸው ‹ሐላል ነው፣ በሉት› ብለውናል። ከዚህ በኋላ ወረቀት ማስፈረም እሳቸውን እንዳለማመን አይቆጠርብንም?»

አይቆጠርባችሁም። ሸኹ በስልክ የሰጧችሁ ቃል በእናንተና በእሳቸው መካከል ከባድ ነው፤ ያንን ቃል ማንም ወረቀት አያከብደውም፣ አያቀልለውምም። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ በማይሞላ የስልክ ንግግር ውስጥ እሳቸው በዓይነ ኅሊናቸው ያዩት በሐድራ ላይ እንደለመዱት አውራጅ ሲያወርድ፣ ተቀባዮች በጭብጨባ ሲቀበሉ ሊሆን ይችላል። እናንተ ያሰባችሁት ደግሞ መድረክ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የመግቢያ ትኬትና ካሜራ ነው። ሁለታችሁም በእውነት ተናግራችኋል፤ የተነጋገራችሁት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። ወረቀቱ የሚያስፈልገው የእሳቸውን እውነተኛነት ለመፈተን ሳይሆን፣ እናንተ ልታደርጉት ያሰባችሁትን ነገር እሳቸው ፊት በግልጽ ለማስቀመጥ ነው።

ይህን የምለው ከደረሰብን ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ደሴ በተዘጋጀ ተመሳሳይ ምሽት ላይ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ልክ እንደ እናንተ ደውለን «ሐላል» ተብለናል። ሙሉው ሲባል ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን መንዙማ ለመድረክ ብለን ወደ 7 ደቂቃ አሳጠርነው፤ ከድቤው ጋር ኪቦርድ ጨመርን፤ ሰዓቱ ሲጠብብን የመዝጊያውን ሶለዋት ሳይቀር ዘለልነው። ከዝግጅቱ በኋላ ቀራጩ ልጅ በደስታ ዩቲዩብ ላይ ጫነው። ከሳምንታት በኋላ የደራሲው የልጅ ልጅ በስልኩ ከፍቶ አሳያቸው፤ መንዙማው ከመጀመሩ በፊት የሸቀጥ ማስታወቂያ ቀደመ። አልተቆጡም፤ የላኩብን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ማለቱን ፈቅጃለሁ፤ መቁረጡን ማን ፈቀደ?» ይቅርታ ልንጠይቅ ሐረጎን ቁልቁል ስንወርድ መኪናው ውስጥ ቃል የተነፈሰ ሰው አልነበረም።

ሸኹ ሕግ ጠቅሰው አልተናገሩም፤ ነገር ግን የጠየቁት ጥያቄ ሕጉ ከሚያደርገው ልዩነት ጋር አንድ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 7 የደራሲውን ኢኮኖሚያዊ መብቶች ለየብቻ ይዘረዝራል። ሥራውን በሕዝብ ፊት ማቅረብ አንዱ ነው፤ ማባዛት፣ ማላመድና ማቀናበር፣ በብሮድካስት ማሠራጨት ደግሞ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ መብቶች ናቸው። አንዱን የፈቀደ ሰው ሌላውን እንደፈቀደ አይቆጠርም። በዚህ ላይ አንቀጽ 8 የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ ስሙ እንዲጠራና ሥራው ተዛብቶ ወይም ተቆርጦ ክብሩን በሚነካ መልክ እንዳይቀርብ የመቃወም መብት ማለት ነው። ለጸሎትና ለውዳሴ በተደረሰ ሥራ ላይ ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ለዘፈን ደራሲ የተቆረጠ ስንኝ የጥበብ ጉዳይ ነው፤ ለመንዙማ ደራሲ ግን የተቆረጠው ሶለዋት ለነቢዩ የላከው ሰላምታ ነው። ገቢው ለበጎ አድራጎት መሆኑም ይህን አይለውጠውም፤ መብቱ ከትርፍ ጋር የተያያዘ ስላልሆነ ነው። አዋጁ መብቱ ለተጣሰበት ደራሲ የሚከፈለው የሞራል ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል፤ እርግጥ በእኛ አገር ሸኽ ደረሳውን ፍርድ ቤት ያቆማል ብዬ አላስብም፤ እኔንም ያሳሰበኝ ካሳው አይደለም።

ወደ ሸኹ ከመሄዳችሁ በፊት ፈቃዱ ከማን እንደሚጠየቅ አጣሩ። መንዙማውን በካሴት ወይም በዩቲዩብ ያሳወቀው አውራጅ ድምፁ የእሱ ቢሆንም ድርሰቱ የእሱ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ታዋቂውን ያስፈቅዱና ደራሲውን ይረሳሉ። ግጥሙን አንድ ሰው፣ ዜማውን ሌላ ሰው ደርሶት ከሆነ ሁለቱም ይጠየቃሉ። በወሎ ደግሞ አዲስ ግጥም ከቆየ ዜማ ላይ መጫን የተለመደ ነው፤ እንዲህ ከሆነ የሸኹ የሆነው ግጥሙ ነው። ባቲም ሆነ አምባሰል ቅኝት እንደ ቅኝት የማንም ንብረት አይደለም፤ በቅኝቱ ላይ አንድ ሰው የፈጠረው ዜማ ግን የዚያ ሰው ነው። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ደራሲዎች አንዱ ከሞተ ወራሾቹ ይጠየቃሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ያለፉ የወሎ መሻይኾች የደረሷቸውን ግን ያለ ፈቃድ ማቅረብ ትችላላችሁ።

የጽሑፉ አቀራረብ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። አዋጁ እንዲህ ያለ የፈቃድ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 ደግሞ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች ሊያረጋግጡት እንደሚገባ ይናገራል። ስለዚህ ሁለት ምስክር ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢቻል አንዱ እሳቸው የሚመርጡት ጎረቤት ይሁን። በዐረብኛ ፊደል የሚፈርም ሸኽ ፈርሟል፤ በእጁ የጻፈው ፊርማ እስከሆነ ድረስ የፊደሉ ዓይነት አያሳስብም። ደራሲው ማየት የተሳናቸው ወይም መጻፍ የማይችሉ ሆነው በጣት አሻራ የሚፈርሙ ከሆነ ግን አንቀጽ 1728 አሻራው በሰነድ አረጋጋጭ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም ስለሚል፣ ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ አብራችኋቸው መሄድ ይኖርባችኋል። አዛውንትን ማንገላታት ስለሚሆን መጓጓዣውን አስቀድማችሁ አስቡበት።

እኛ ከይቅርታው በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ መንዙማ እንደገና ልናቀርብ ስንፈልግ ይዘን የሄድነው ወረቀት ዋና ክፍል ይህ ነበር፦

«እኔ ስሜና ፊርማዬ ከታች የሚገኘው፣ ግጥምና ዜማው የእኔ የሆነውንና ሙሉ ቃሉ ከዚህ ጋር የተያያዘውን መንዙማ፣ ቡድኑ በደሴ ከተማ ከላይ በተጠቀሰው ቀንና አዳራሽ፣ መግቢያው በሚከፈልበት ዝግጅት ላይ አንድ ጊዜ እንዲያቀርበው ያለ ክፍያ ፈቅጃለሁ። ከ18ቱ ቤቶች ምልክት የተደረገባቸው 7ቱ ይባላሉ፤ የመዝጊያው ሶለዋት ከነዚህ አንዱ ነው። በድቤና በጭብጨባ ብቻ ይቀርባል። ከመቅረቡ በፊት የደራሲው ስም በመድረክ ይነገራል። ዝግጅቱ በምስል ቢቀረጽ ለቡድኑ ማኅደር ብቻ ይሆናል፤ በዩቲዩብም ሆነ በሌላ መንገድ ለማሠራጨት አዲስ ፈቃድ ይጠየቃል።»

ሙሉ ቃሉን ያያያዝነው መንዙማ ብዙውን ጊዜ ርእስ ስለሌለው ነው። በአዝማቹ ብቻ ከጠራነው ያንኑ የሚመስል አዝማች ያለው ሌላ መንዙማ ስለማይጠፋ፣ የተፈቀደው የትኛው እንደሆነ በኋላ ማጣላቱ አይቀርም። «ያለ ክፍያ» የሚለውን የጻፍነው ገንዘቡን እሳቸው ራሳቸው እንቢ ስላሉ ነው፤ ዝም ብንለው ኖሮ ትኬት መሸጡን የሰማ ዘመድ «ለሸኹስ ምን ሰጧቸው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ አይኖረንም ነበር። «አንድ ጊዜ» ማለታችን ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ዝግጅት ይህን ወረቀት መልሰን እንዳናወጣ ራሳችንን ለማሰር ነው። ድቤና ጭብጨባ የሚለውን ግን እኛ አልጻፍነውም። ረቂቁ ላይ ኪቦርድ ነበር፤ ያሳጠርነውን በስልክ ቀርጸን ስላሰማናቸው ሰምተው ሲጨርሱ ኪቦርዱን በእስክሪብቶ ሰረዙት። ወረቀት ብቻ ብናነብላቸው ኖሮ «ኪቦርድ» የሚለው ቃል ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ በምን ያውቁት ነበር? ስለዚህ የምታሳጥሩትን ወይም የምታቀናብሩትን ሁሉ ቀርጻችሁ አሰሙ፤ ከማንኛውም አንቀጽ ይልቅ ለእሳቸው የሚገባቸው እሱ ነው። በቀጥታ ከመጫወት ይልቅ ከካሴት የተወሰደ የጀርባ ድምፅ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን የሸኹ ፈቃድ አይበቃም፤ በተቀረጸው ድምፅ ላይ አሳታሚውና ከዋኞቹ የራሳቸው መብት አላቸው።

ከሁሉም የበለጠ የማሳስባችሁ ጊዜውን ነው። ፖስተሩ ፒያሳ ከተለጠፈና ትኬቱ ከተሸጠ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ በእውነት ፈቃድ አይደለም። ሰው የማያስቀይም አዛውንት፣ የተሰበሰበውን ሕዝብና የታሰበውን በጎ ሥራ እያሰበ በይሉኝታ ይፈርማል፤ ፊርማው ሕጋዊ ይሆናል፣ ልቡ ግን አብሮት አይኖርም። ስለዚህ ማስታወቂያ ከማሳተማችሁ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማችሁ ኮምቦልቻ ውረዱ፤ ወረቀቱን በሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱን እዚያው ተዉላቸውና ለማሰብ ጥቂት ቀን ስጧቸው፤ «አይሆንም» ካሉ የሚተካ የቀደምት መሻይኾች መንዙማ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። እንዲህ ስታደርጉ ነው እንቢታቸው እናንተን የማይጎዳው፤ እንቢ ማለት የሚቻል ሲሆን ብቻ ደግሞ እሺታው ይታመናል። በወሎ ደረሳ የቀራውን ኪታብ ለሌላ ለማስተማር ከሸኹ ኢጃዛ ሲቀበል ተጠራጠረኝ የሚል ሸኽ እንደሌለ ታውቃላችሁ፤ እናንተም የያዛችሁት ጥያቄ ከዚያ የራቀ አይደለም።

የእኛ ሸኽ በአራተኛው ቀን አስጠሩንና በሁለቱም ቅጂ ላይ በዐረብኛ ፊደል ፈረሙ፤ ምስክሮቹም ተከተሉ። ከዚያ አንድ ነገር ለመኑን፤ የማይባሉት 11 ቤቶች በመግቢያው ላይ በሚታደለው የመርሐ ግብር ወረቀት ጀርባ እንዲታተሙ። አሳተምናቸው።