የሪያል ስሌትና የብር ስሌት

እዚህ ሪያድ የወሎ ልጆች ስንሰባሰብ ወሬው ዞሮ ዞሮ እከሊት ተመልሳ ከባሏ ጋር አልተስማማችም የሚለው ላይ ያርፋል። ለምን ሲባል መልሱ አጭር ነው፤ "ገንዘቧን በላባት።" አገር ቤት ስገባ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ከባሎቹ የምሰማው ሌላ ነው። "ሚስቴ አልመጣችም፤ ሂሳብ ተቆጣጣሪ ነው የመጣብኝ" ይላሉ።

የሚስቱን ላብ ያባከነ ባል ሞልቷል፤ አልክድም። ግን ተጠጋግቼ ባየኋቸው ቤቶች አብዛኛው ጠብ የተነሳው ሁለቱ ያንኑ ገንዘብ በተለያየ መንገድ ስለሚቆጥሩት ነው።

የአክስቴን ልጅ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠቅስም፤ ታሪኩን ግን ጻፊው ብላኛለች። በ2010 ዓ.ም መጀመሪያ ባሏንና ልጆቿን ትታ ወደ ሪያድ ወጣች። ደመወዟ 1,000 ሪያል ነበር። 800ውን በየወሩ ትልካለች። ሰባት ዓመት ሲሞላት 67,200 ሪያል ማለት ነው። መስከረም 2017 ስትመለስ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ ገና ሁለት ወሩ ነበር። አንድ ሪያል ከ30 ብር በላይ ገብቷል። በዚያ አባዛችው፤ ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ መጣላት። ቆማ ያየችው ግን ሁለት ክፍል ቤትና ያላለቀ አጥር ነው። "የቀረውስ?" አለችው ባሏን። እሱም ተቆጥቶ ወጣ፤ ሁለት ቀን ሳይነጋገሩ ቆዩ።

እሷ የረሳችው፣ በሄደችበት ዓመት አንድ ሪያል 7 ብር ገደማ እንደነበር ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስም ባንክ ውስጥ ከ15 ብር ብዙ አላለፈም። 800 ሪያል መጀመሪያ ላይ 6 ሺህ ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ሪያድ ላለ ሰው ገንዘቡ ሁሌም ሪያል ነው፤ አይረግፍም። ኮምቦልቻ ያለው ባል የሚያስታውሰው ደግሞ በእጁ የገባውን ብርና የዚያን ቀን የሲሚንቶ ዋጋ ነው።

ሽማግሌ ከመጥራታቸው በፊት ታላቅ እህቷ አንድ ደብተር አምጥታ አስቀመጠቻቸው። ለየዓመቱ አንድ ገጽ ያዙ። እሱ የባንክ ስቴትመንት አወጣ። እሷ ስልኳ ላይ ያስቀረችውን የደረሰኝ ፎቶ ፈለገች። የላከችውን ሁሉ በየዓመቱ ምንዛሪ ሲመቱት ድምሩ 750 ሺህ ብር አካባቢ ወጣ። ከባንክ ውጭ በሐዋላ የላከችባቸው ወራት ወረቀት የላቸውም፤ እነዚያን በመተማመን ጻፏቸው። የልጆቹ ቀለብና ትምህርት፣ የእናቱ ሕክምና፣ ለወንድሟ ባጃጅ የተሰጠው ሲቀነስ ቤቱ ራሱ ብዙውን በልቷል። የባጃጁን ገንዘብ በስልክ "ስጠው" ያለችው እሷ ነበረች። ስታየው ትዝ አላት።

የ2014 ገጽ ላይ ሲደርሱ እሱ ብዕሩን አስቀመጠ። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተያዙ፤ ነፃ የወጡት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ስልክ አልነበረም። እሷ ሪያድ ላይ የሞተ ያለ መስሏት ታለቅስ ነበር፤ እመቤቷ ግን ሥራ አላስቀረችላትም። እሱ ሁለት ልጆች ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽቶ ነበር። ለመኪና የከፈለውን፣ ሲመለስ ከቤቱ ተዘርፎ ያጣውን ፍሪጅና አልጋ፣ ልጁ መንገድ ላይ ታሞበት እንደነበር እስከዚያች ቀን ነግሯት አያውቅም። "ሰው አገር ላይ ሆነሽ ለምን ላስጨንቅሽ" አላት። እኔ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው ያሳዘነኝ። ለዓመታት በየሳምንቱ ተደዋውለዋል፤ የሚያወሩት ግን "ደረሰ ወይ?" እና "ምን ጎደለ?" ብቻ ነበር።

ዓረብ አገር ቀንሽም እንቅልፍሽም የሌላ ሰው ነው። የራስሽ የምትይው የወሩ ደመወዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ገንዘቧ ስትጠይቅ ስስት አድርጋችሁ አትዩባት። አገር ቤት የቀረው ባል ደግሞ እናትም አባትም ሆኖ ብቻውን መወሰን ለምዷል። ትንሿ ልጅ ለደብተር መግዣ ስትፈልግ እናቷን አልፋ አባቷ ዘንድ ትሄዳለች። አሁን ሆን ብሎ "እናትሽን ጠይቂ" ይላታል። ልጅቷ መጀመሪያ ታኮርፍ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።

ቤቱ በእሱ ስም ነው የተመዘገበው፤ እሷን ያስፈራት ይሄም ነበር። በቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በየግል ጥረታቸው ያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም መመዝገቡ ብቻውን የግል አያደርገውም። ያም ሆኖ ክርክር ከሚመጣ ስሟ ቢገባ ይሻላል ብለው ጉዳዩን ጀምረዋል። ይዛው የመጣችውን ገንዘብም በሁለቱ ፊርማ ብቻ በሚወጣ ሂሳብ አስገቡት። እሷ ሱቅ መክፈት ትፈልጋለች፤ እሱ አጥሩ ይለቅ ይላል። እስካሁን አልወሰኑም።

እዚህ ሪያድ ላላችሁ እህቶቼ፦ በላካችሁ ቁጥር ቀኑን፣ የዕለቱን ምንዛሪና ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ለባላችሁ በጽሑፍ ላኩለት፤ እሱም በምን እንዳዋለው ይጻፍላችሁ። ስልክ ስትደውሉ ደግሞ የገንዘቡን ነገር ለመጨረሻ አቆዩት።