«ይቀነስ»ም «ይጨመር»ም ያለው ሰው ማን ነው?

«ሕዝቡ ግብር ይቀነስልኝ ይላል፤ በዚያው አፉ ትምህርትና ሕክምና ይጨመርልኝ ይላል። ሂሳብ አያውቅም ማለት ነው?»

መጀመሪያ «ሕዝቡ» የተባለው ማን እንደሆነ እንለይ። በአንድ የሕዝብ አስተያየት ዳሰሳ 1,000 ሰው ተጠይቆ 600ው «ግብር ይቀነስ»፣ 700ው ደግሞ «አገልግሎት ይጨመር» አለ እንበል። ዜናው ወዲያው «አብዛኛው ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል» ብሎ ይወጣል። ሁለቱ ቁጥሮች ግን ይህን አይሉም። አገልግሎት ይጨመር ያላሉት 300 ሰዎች ናቸው። እነሱ በሙሉ ግብር ይቀነስ ካሉት 600 ውስጥ ቢሆኑ፣ ሁለቱንም ያሉት 300 ብቻ ይሆናሉ። አንዳቸውም እዚያ ውስጥ ባይኖሩ ደግሞ ሁለቱን ያሉት 600 ይደርሳሉ። ስለዚህ እውነቱ ከ30 እስከ 60 ከመቶ ባለው ሰፊ ሜዳ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። የሁለቱ መቶኛዎች ድምር ከ100 ካላለፈማ ሁለቱን ያለ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል፤ «ይቀነስ» ባዩ ሌላ፣ «ይጨመር» ባዩ ሌላ።

ይህን የሚፈታው ክሮስታብ የሚሉት፣ የሁለቱን ጥያቄዎች መልስ በየሰዉ አጣምሮ የሚቆጥር ሠንጠረዥ ነው። ውጭ አገር ደህና የዳሰሳ ድርጅት ሠንጠረዡን ከሪፖርቱ ጋር ያወጣዋል፤ ጋዜጠኛው ግን እስከዚያ ድረስ አይወርድም። አገር ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰን የመግለጫው አንድ ገጽ ነው፤ ሠንጠረዡ ከሌለ «ሁለቱንም» የሚለውን ቃል አለማመን ነው።

ሠንጠረዡ ተገኝቶ ሁለቱንም ያሉት 380 ሆኑ እንበል። እነዚህስ እርስ በርሳቸው ተጋጩ? «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ተብለው ሲጠየቁ 150ው «ከብክነትና ከሙስና ይዳን»፣ 120ው «ከትልልቅ ሀብታሞችና ኩባንያዎች ይወሰድ»፣ 60ው «ከሌላ የበጀት ርዕስ ይነሳ»፣ 50ው «አላውቅም» ቢሉ፣ መልስ ያጣው ከ1,000ው 50 ብቻ ነው። የ120ዎቹ ሐሳብ ቢወደድም ቢጠላም ግጭት የለበትም፤ «ይቀነስ» ያሉት የራሳቸውን ግብር ነው። ድካም ያለው የ150ዎቹ መልስ ላይ ነው፤ ብክነት መኖሩ እውነት ቢሆንም ከዚያ የሚድነው ገንዘብ ለተጠየቀው ሁሉ አይበቃ ይሆናል። ያ ግን የመጠን ስሕተት እንጂ የአእምሮ መጋጨት አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፦ 1,000 ሰው ሲጠየቅ የስሕተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት ልክ፣ 3 የመቶኛ ነጥብ ያህል ነው፤ 50 ሰው ላይ ግን ወደ 14 ነጥብ ይዘላል። ስለዚህ «አላውቅም ካሉት ግማሾቹ ወጣቶች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካየህ እለፈው።

ሁለተኛው ጉድለት ጥያቄው ራሱ ዋጋ አለመጥራቱ ነው። «ግብር ይቀነስ?» ለብቻው፣ «ለሕክምና ይጨመር?» ለብቻው ሲጠየቅ ሁለቱም ነፃ ስጦታ ይመስላሉ፤ በነፃ የቀረበለትን ደግሞ ማን እምቢ ይላል? ብሪታንያ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1983 ጀምሮ የሚካሄደው የማኅበራዊ አመለካከት ዳሰሳ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ያቀርባቸዋል፦ ግብር ቀንሶ ለጤና፣ ለትምህርትና ለማኅበራዊ ድጋፍ ወጪን መቀነስ፣ ወይም ሁለቱንም ባሉበት ማቆየት፣ ወይም ሁለቱንም መጨመር። በመጀመሪያው ዓመት «ሁለቱም ይቀነሱ» ያሉት ከመቶ አሥር እንኳ አልሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት «ባለበት ይቆይ» አሉ። «ግብር ይቀነስ» የሚለው ጩኸት ዋጋው አጠገቡ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚረግብ ከዚህ ይታያል። የዚህ ጥያቄም ጉድለት የማን ግብር እንደሆነ አለመናገሩ ነው።

ግን ሁለቱንም መመኘት ሁልጊዜ ቅዠት አይደለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1978 ፕሮፖዚሽን 13 የተባለውን ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 65 በሚጠጋ ድምፅ አሳለፈች፤ የንብረት ግብር ከግምቱ 1 ከመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም በዓመት ከ2 ከመቶ በላይ እንዳይጨምር ታሰረ። የአካባቢ መንግሥታት የንብረት ግብር ገቢ ከግማሽ በላይ ወረደ። አገልግሎቱ ግን በአንድ ጀምበር አልፈረሰም፤ ምክንያቱም ግዛቱ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የተጠራቀመ ትርፍ ነበረውና ከዚያ አውጥቶ ደጎማቸው። በዚያ ወቅት «ግብሩ ይቀነስ፣ አገልግሎቱ ይቀጥል» ያለ ሰው ሂሳቡን አልሳተም። ችግሩ የመጣው ትርፉ ሲያልቅ ነው። ዳሰሳውን ከመተርጎም በፊት በዚያ ጊዜ የመንግሥት ካዝና ምን እንደሚመስል ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በአማርኛ ስንጠይቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አሜሪካ የሚኖር ሰው «ታክስ» ሲባል በዓመት አንዴ ሞልቶ የሚያስገባው የገቢ ግብር ይታወሰዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደመወዝተኛው ቀጣሪው ቆርጦ የሚያስገባለትን፣ ነጋዴው የቁርጥ ግብሩን፣ ገበሬው የመሬቱን ያስባል። ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚከፈለውን 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ «ግብር» ብሎ የሚቆጥረው ጥቂት ነው። አንዱ «ይቀነስ» ውስጥ አራት ዓይነት መልስ ተደባልቋል ማለት ነው።

«የመንግሥት አገልግሎት»ማ ከዚህ ይብሳል። ጠያቂው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድና ውሃ ማለቱ ነው፤ ተጠያቂው ግን የቀበሌ ሰልፍ፣ «ነገ ተመለስ» እና የማትገኝ ማኅተም ይታየዋል። እሱ «ይሻሻል» ሲል ሠራተኛው በሰዓቱ ይግባ ማለቱ ነው እንጂ በጀት ጨምሩ አላለም። መጠይቁ «ይሻሻል» ብሎ ጠይቆ ሪፖርቱ «ይጨመር» ብሎ ከጻፈ፣ ግጭቱን የፈጠረው ተርጓሚው ነው። አፍሮባሮሜትር የተባለው የዳሰሳ ድርጅት ለአፍሪካ አገሮች ሁለት ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱን ማስመረጡ ይህን ይቀንሰዋል፦ አገልግሎት የሚጨምር ከሆነ ከፍ ያለ ግብር መክፈል፣ ወይም አገልግሎቱ ቢያንስም ዝቅ ያለ ግብር መክፈል።

የሚጠይቀው ሰውም ለውጥ ያመጣል። ስክሪን ላይ ብቻውን የሚሞላ ሰው «አልስማማም» ለማለት አይቸገርም። ፊት ለፊት፣ በተለይም ጠያቂው ከመንግሥት የተላከ ከመሰለው፣ በይሉኝታ «አዎ» ይበዛል። ይህን ለማወቅ መላው ቀላል ነው፦ ግማሾቹን «ግብር ይቀነስ ቢባል ይስማማሉ?»፣ ግማሾቹን «ግብር ባለበት ይቆይ ቢባል ይስማማሉ?» ብሎ መጠየቅ። በመጀመሪያው 60፣ በሁለተኛው 55 ከመቶ ከተስማሙ፣ ድምሩ 115 ነው። ትርፉን 15 ያመጣው የግብር አቋም ሳይሆን «አዎ» የማለት ልማድ ነው።

ለአገር ቤት መጠይቅ አንዱ መስመር እንዲህ ቢጻፍ፦ «ከደመወዝዎ የሚቆረጠው ግብር እንዲቀንስና በአካባቢዎ ያለው ጤና ጣቢያ ነርስ እንዳይጨመርለት ይመርጣሉ? ወይስ ግብሩ ባለበት እንዲቆይና ነርስ እንዲጨመር?» ይህ ጥያቄ ነጋዴውንና ገበሬውን አይመለከትም፤ ለእነሱ ሌላ መስመር ያስፈልጋል። መጠይቁ መርዘሙ አይቀርም፤ ብዙዎቹ ዳሰሳዎችም ዋጋውን የሚዘሉት ለዚሁ ነው።