ዋች አወር የሚቆጥረው የታየውን ብቻ አይደለም

«የ30 ደቂቃው ቪዲዮዋችን በአማካይ ወደ 18 ደቂቃ ታይቷል። ሰው ረጅም ነገር ከወደደ ቀጣዩን አንድ ሰዓት እናድርገው ወይ?»

ጥያቄው የጎንደርን ቅርሶች የሚያስተዋውቅ የዩቲዩብ ቻናል ከከፈቱ ወጣቶች የመጣ ነው። መልሴ «አታድርጉት» ነው። ያ አማካይ የአንዱንም ተመልካች ልማድ ላያሳይ ይችላል።

ቪዲዮውን 100 ሰው ከፈተው እንበል። 60ዎቹ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው አይተው በአማካይ 12ኛው ደቂቃ ላይ ወጡ፤ 720 ደቂቃ ሆነ። 25ቱ ስልካቸውን ደፍተው፣ ሥራቸውን እየሠሩ እስከ መጨረሻው አዳመጡት፤ 750 ደቂቃ። የቀሩት 15 ሰዎች ፍጥነቱን 1.5 አድርገው ጨረሱት፤ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ፈጀባቸው፤ 300 ደቂቃ። ድምሩ 1,770 ነው፣ ለ100 ሲካፈል 17.7 ይደርሳል። እዚያ ቁጥር ላይ ቪዲዮውን ያቆመ ቡድን ግን የለም። አብዛኛው ሰው ቀደም ብሎ ሄዷል፤ አማካዩን ወደ ላይ የሳቡት በዋናነት አድማጮቹ ናቸው።

እነዚህን አድማጮች ጎንደር ውስጥ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቅዳሜ ገበያ ልብስ ሰፊው ስልኩን ከስፌት መኪናው አጠገብ ደፍቶ ነው የሚሰፋው። ነፃው የዩቲዩብ መተግበሪያ ስልኩ ሲቆለፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቆም ብርሃኑን ዝቅ ያደርግና ስክሪኑን እንደበራ ይተወዋል። ዋች አወርን፣ ማለትም ቪዲዮው የተጫወተበትን ሰዓት፣ በሚይዘው ቆጣሪ ዘንድ ይህ ሰው ከማንም የበለጠ ታማኝ ተመልካች ነው። ታማኝነቱን አልክድም፤ ማዳመጥም ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ዓይን ተብሎ መቆጠሩ ነው።

ፍጥነት ደግሞ ነገሩን በተቃራኒው ያዛባል። ቪዲዮው የተጫወተበትን ጊዜ በሁለት መንገድ መቁጠር ይቻላል፤ በተመልካቹ ሰዓት ወይም በቪዲዮው ሰዓት። የ30 ደቂቃ ቪዲዮ በ2 እጥፍ ፍጥነት ከተመልካቹ የሚወስደው 15 ደቂቃ ነው። ቆጣሪው የተመልካቹን ሰዓት ከያዘ፣ አንድም ቃል ሳያመልጠው የጨረሰው ሰው ግማሽ ላይ ጥሎ ከሄደው ጋር እኩል ይመዘገባል። የቪዲዮውን ሰዓት ከያዘ ግን ሙሉ 30 ያገኛል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ዩቲዩብ የሚጠይቀውን 4,000 ሰዓት በዚህ ቪዲዮ ብቻ ለመሙላት 8,000 ሙሉ እይታ ይበቃል፤ ሁሉም በ2 እጥፍ ቢያዩትና ቆጠራው በተመልካቹ ሰዓት ቢሆን 16,000 ያስፈልጋል።

«አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ ይጣጣማል» የሚሉ አሉ። አይጣጣም። ስልኩን የሚደፋውና ፍጥነት የሚጨምረው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ከቪዲዮው የሚፈልጉትም የተለያየ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ከአማካዩ ይልቅ በየቅጽበቱ ምን ያህል ሰው እያየ እንደነበር የሚያሳየውን የተመልካች ቆይታ መስመር እዩ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የምታሳዩበትን ቦታ ፈልጉ፤ ተራኪው ዝም ብሎ ካሜራው በመላእክቱ ፊቶች ላይ የሚዞርበትን አንድ ደቂቃ። የሚያይ ሰው እዚያ ጋ እጁ አያርፍም። የተማረከው ወደኋላ መልሶ ያየዋል፣ መስመሩም ጉብ ይላል፤ የሰለቸው ዘሎ ያልፈዋል፣ መስመሩም ይወርዳል። ስልኩ የተደፋ ሰው ግን እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ ምንም አይነካም። ስለዚህ መስመሩ በዚያ ዝምታ ላይ እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ካለፈ ሥዕሉ ተወደደ ብላችሁ አትደምድሙ፤ አብዛኛው ሰው ላያየው ይችላል።

ጥርጣሬውን ማጣራትም ይቻላል። አንድ ቀላል ጥያቄ በድምፅ ጠይቁ። ከደቂቃ በኋላ ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ ሳትናገሩት ስክሪኑ ላይ ብቻ ጻፉ። ለመጀመሪያው ብዙ ኮመንት መጥቶ ለሁለተኛው ከጠፋ ጆሮ እንጂ ዓይን የላችሁም። ኮመንት የሚጽፈው ጥቂት ሰው ስለሆነ በአንድ ቪዲዮ አትፍረዱ፤ በተከታታይ ቪዲዮዎች ላይ ድገሙት።

ከመድረኮቹም የምንጠይቀው አለ። መተግበሪያው የተደፋ ስልክን ላይለይ ይችላል፤ ስክሪኑ ተቆልፎ እየተጫወተ መሆኑንና የተመረጠውን ፍጥነት ግን ያውቃል። ይህን ለቻናሉ ባለቤት በእያንዳንዱ ቪዲዮ ለይቶ ማሳየት አለበት። ካልሆነ ሰው በተደባለቀ ቁጥር ካሜራና ድሮን እየተከራየ፣ ማንም የማያየውን ምስል ሲቀርጽ ይኖራል።

እስከዚያው የአንድ ሰዓቱን ታሪክ ለአድማጮቻችሁ ለብቻው በትረካ ሥሩት፤ ምስል ሳያስፈልገው የሚገባ ይሁን። ጣሪያውን የምታሳዩበትን ቪዲዮ ግን ከ12 ደቂቃ አታሳልፉት፣ ሥዕሎቹንም ወደ መጀመሪያው አምጧቸው።