የ120 ሺህ ብሩ እና የ900 ሺህ ብሩ አፕ

«ለቁንጅና ሳሎኖች ቀጠሮ የሚያስይዝ አፕ ላሠራ ነው። አንድ ልጅ በ2 ወር፣ በ120 ሺህ ብር እጨርሰዋለሁ አለኝ። አንድ ድርጅት ደግሞ 4 ወርና 900 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ወንድሜ ‹ለምን ራስሽ ኮዲንግ ተምረሽ አትሠሪውም?› ይለኛል። ማንን ልመን?»

ማንም አልዋሸሽም። የቆጠሩት ነገር ነው የተለያየው። እኔ ብሆን ብሩን ለጊዜው ትቼ ሰዓቱን እጠይቃለሁ። ብር በድርድር ይወርዳል። ሥራው የሚፈልገው ሰዓት ግን ስለተከራከርሽ አይቀንስም።

በልጁ እንጀምር። በግሉ አፕ የሚሠራ ልጅ ብዙ ጊዜ ቀን የሚውልበት ሌላ ሥራ አለው። ያንቺን የሚነካው ማታና ቅዳሜና እሑድ ነው። መብራቱም ኢንተርኔቱም ተባብረውት በሳምንት 15 ሰዓት ከሰጠሽ ጎበዝ ነው። በዚህ ስሌት የሱ 2 ወር 130 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

አሁን ሥራውን ቆርሰን እንየው። ቁጥሮቹ የኔ ግምት ናቸው፤ ልምድ ያለው ሰው አይቶ ይከራከርባቸው። ደንበኛዋ በስልክ ቁጥሯ የምትገባበት 25 ሰዓት ይወስዳል። የሳሎኖችና የአገልግሎቶች ዝርዝር 30 ሰዓት፣ ቀጠሮ መያዣው 70 ሰዓት። ድምሩ 125 ነው። የልጁ 2 ወር ከየት እንደመጣ አየሽ? በደንበኛዋ ስልክ ላይ የሚታየውን ብቻ ነው የቆጠረው።

ቀጠሮ ግን ሁለት ወገን አለው። የሳሎኗ ባለቤት ቀጠሮ የምትቀበልበት፣ ሠራተኛ የቀረችበትን ቀን የምትዘጋበት የራሷ ገጽ ያስፈልጋታል፤ 60 ሰዓት። አንቺም ሳሎን የምትመዘግቢበትና ቅሬታ የምታዪበት ገጽ ትፈልጊያለሽ፤ 40 ሰዓት። በቴሌብር ወይም በቻፓ ቅድመ ክፍያ መቀበል 45፣ «ነገ ቀጠሮ አለሽ» የሚል መልእክት መላክ 20። ይኼ ሁሉ ሲደመር 290 ደረሰ። መፈተሽና ስህተት ማረም የዚህን ሲሶ ያህል ይወስዳል፤ 95 እንበል። ስብሰባው፣ ሰርቨር ማዘጋጀቱና አፑን ማውጣቱ 45። በጠቅላላው 430 ሰዓት ነው። በሳምንት 15 ሰዓት ሲሠራ 29 ሳምንት ይወስዳል። 2 ወር የተባለው 7 ወር ሊሞላ ነው ማለት ነው፣ ያውም ማንም ሳይሰንፍ።

የልጁ 120 ሺህ ለ130 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 920 ብር አካባቢ ይመጣል። በራሱ ዋጋ 430ው ሰዓት ወደ 400 ሺህ ብር ነው። 120 ሺህ ላይ ካስፈረምሽው መሃል ላይ ይደክመዋል። መጀመሪያ መልስ ማዘግየት፣ ከዚያ ስልክ አለማንሳት ይመጣል። ብዙ ሰው «ፍሪላንሰር ከዳኝ» ሲል ከጀርባው ያለው ታሪክ ይኼው ነው። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በነጻ እየሠራ መሆኑ ገብቶት ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ያ 70 ሰዓት የሰጠሁት ቀጠሮ መያዣ ነው። ሲታይ ቀላል ነው፤ ቀን መርጦ ሰዓት መንካት። ግን ፀጉር መተኮስ 40 ደቂቃ ሲፈጅ ሹሩባ ግማሽ ቀን ሊውል ይችላል። አንዳንዱ ሥራ ሁለት ሠራተኛ ይፈልጋል። ሁለት ደንበኞች ያንኑ ክፍት ሰዓት በአንድ ቅጽበት ቢነኩ ለማን ይሰጥ? በእግሯ ገብታ የተቀመጠችውንስ ደንበኛ ማን ይመዘግባታል? ባለቤቷ ካልመዘገበቻት አፑ «ወንበሩ ባዶ ነው» እያለ ሰው መላኩን ይቀጥላል።

የኛ አገር ሰዓትና ቀን ደግሞ አለ። ደንበኛዋ «3 ሰዓት» ስትል ጠዋት ማለቷ ነው፤ ሰርቨሩ 09:00 ብሎ ነው የሚይዘው። ሙሽራዋ ለጥር 10 ትፈልጋለች፤ ፕሮግራመሩ ከኢንተርኔት አውርዶ የሚገጥመው ካላንደር ግን በአብዛኛው የፈረንጁን ብቻ ነው የሚያውቀው። የኛን ለማስገባት 13ኛ ወር ማወቅ አለበት፤ ጳጉሜን አንዴ 5 አንዴ 6 መሆኗንም። ዋጋ የሰጠሽ ሰው ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዷን እንኳ ካላነሳ ሥራውን ገና አላሰበበትም። እኔ የግምትን ጥራት የምለካው በዚህ ነው። ጥያቄ ሳይጠይቅ ቁጥር የሚናገር ሰው ያስፈራኛል።

«እሺ፣ ሁሉም ነገር ቢበላሽ እንኳ ስንት ወር ይፈጃል ብዬ ልጠይቀው» ትይ ይሆናል። ብዙም አይጠቅምሽም። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት ቡለር፣ ግሪፊንና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ ብለው ጠይቀው ነበር። አማካይ ግምታቸው 33.9 ቀን ነበር። ሁሉም ነገር ቢበላሽስ ሲባሉ 48.6 አሉ። የፈጀባቸው 55.5 ቀን ነው። የሰው ልጅ መጥፎ የሚለው ግምት እንኳ ከእውነታው ያንሳል።

ስለዚህ አትጠይቂው፣ ለኪው። ከአፑ አንድ ቀጭን ክር ምዘዢ። አንድ ሳሎን፣ አንድ አገልግሎት፣ ደንበኛዋ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ቀጠሮው የሳሎኗ ባለቤት ስልክ ላይ ይደርሳል፤ በቃ። ክፍያ የለም፣ ማስዋብ የለም። ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት አስቀድሞ ይጻፍልሽ። ከዚያ በሰዓት እየከፈልሽ አሠሪው። በጥቅል ከከፈልሽው የፈጀበትን ሰዓት ይደብቅሽና የምትፈልጊው ቁጥር ይጠፋል።

40 ሰዓት ብሎ 62 ፈጀ እንበል። 57 ሺህ ብር ገደማ ወጣ። በምትኩ ግን የልጁ ግምት በስንት እንደሚባዛ አወቅሽ፤ በ1.55። ከ430ው ሰዓት 40ው ሲቀነስ የቀረው 390 በዚህ ሲባዛ 605 አካባቢ ነው። የተሠራው ሲጨመር ወደ 670 ሰዓት ይጠጋል። በልጁ ዋጋ 620 ሺህ ብር፣ በልጁ ፍጥነት ደግሞ 10 ወር ማለት ነው። አሁን 900 ሺህ ያለው ድርጅት ያን ያህል ዘራፊ ይመስልሻል?

ዋጋው ከበዛብሽ ሥራውን እንጂ ሰዓቱን አትቁረጪ። እኔ የምቆርጠውን ልንገርሽ። ክፍያው ይቅር፤ ሳሎን ሄደው ይክፈሉ። በቴሌግራም ቦት ጀምሪው፤ ደንበኛዋ አፕ አታወርድም፣ መግቢያ ገጹም ይቀራል። ያንቺን ገጽ ለጊዜው በኤክሴል ተወጪው። ያን ጊዜ ከ290 ሰዓት 180 ይቀራል። ፈተሻና ስብሰባም አብሮ ስለሚወርድ ድምሩ 270 ይሆናል። የቀጭኗ ክር ሙከራ ቀድሞ የተሠራ ስለሆነ የቀረውን 230 በ1.55 አባዥውና 62ቱን ደምሪበት፤ ወደ 420 ሰዓት። አስቂኙ ነገር፣ ከሲሶ በላይ ቆርጠሽም የደረስሽው ሙሉው አፕ ይፈጃል ከተባለው ሰዓት ላይ ነው።

ድርጅቱ ጋ ስትሄጂ የምትገዢው ያንኑ ሰዓት ብቻ አይደለም። ዲዛይነር አለ፣ ፈታሽ አለ፣ ሥራውን የሚከታተል ሰው አለ። ሁለት ሦስት ሰው ቀን ቀን አብሮ ስለሚሠራ 4 ወሩ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ግምቱ ሲሳሳት ኪሳራውን እነሱ ይሸከማሉ። በወረቀት ደረጃ ማለቴ ነው። በተግባር ቁርጥ ዋጋ የሰጠ ድርጅት በውሉ ላይ ያልተጻፈውን ሁሉ «ተጨማሪ ሥራ» ይለዋል። «ቀጠሮ መሰረዝ ይቻላል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ከስንት ሰዓት በፊት፣ ማን ይሰርዛል፣ ለሌላኛዋ ወገን ምን መልእክት ይሄዳል የሚለው ሁሉ በኋላ ብር ነው። ቁጭ ብለሽ ጻፊው። ቫቱም ውስጥ ነው ውጭ ብለሽ ጠይቂ፤ 15 በመቶ ሲጨመርበት 900 ሺህ 1 ሚሊዮን 35 ሺህ ነው። ክፍያውን በቀን ሳይሆን በስልክሽ ነክተሽ ባየሽው ሥራ ላይ እሰሪው። ኮዱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በአንቺ ስም በተከፈተ የጌትሃብ አካውንት ላይ ይቀመጥ።

ወንድምሽ ያለው ገንዘብ ባይጠይቅም ውድ ነው። ሥራ እየሠራሽ በሳምንት 10 ሰዓት ብታገኚ፣ ያቺን ቀጭን ክር ራስሽ ለመሥራት እስክትበቂ 350 ሰዓት ያህል መማር ይኖርብሻል ብዬ እገምታለሁ። 8 ወር አለፈ ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ልምድ ያለው ሰው በ1 ሰዓት የሚሠራውን አንቺ በ2 ወይም በ3 ነው የምትሠሪው። እስከ 3 ዓመት የሚሄድ ነገር ነው፤ እስከዚያ ሌላ ሰው ይቀድምሻል። ፕሮግራመር መሆን ከፈለግሽ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግቢበት። ሳሎኖቹን ብቻ ከፈለግሽ ግን 50 ወይም 60 ሰዓት ይበቃሻል። ዳታቤዝ ምን እንደሆነ፣ የአንዱ ገጽ መረጃ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሄድ፣ ጌትሃብ ላይ በዚህ ሳምንት ምን እንደተሠራ ማየት የምትችዪበትን ያህል ማለቴ ነው። «አልቋል፣ ትንሽ ነው የቀረው» ሲሉሽ አይተሽ ለማወቅ ይጠቅምሻል።

የኔ ምርጫ ይኼ ነው። ሙከራውን ከልጁ ጋር በሰዓት ሥሪ። ግምቱ የሚባዛበት ቁጥር ከ2 በታች ከሆነና ሰውየው ስልክ የሚያነሳ ከሆነ ከሱ ጋር ቀጥይ። ከ2 ካለፈ የጻፍሽውን ዝርዝርና የተሠራውን ኮድ ይዘሽ ድርጅቱ ጋ ሂጂ፤ የሚሰጡሽ ዋጋ ያኔ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። ለቴሌብርም ሆነ ለቻፓ የንግድ ፈቃድና ቲን ይጠየቃል፤ ወረቀቱ የሚፈጀውን ጊዜ ማንም ፕሮግራመር ግምቱ ውስጥ አያስገባውም። ጎግል ፕሌይ ላይ አፕ ማውጫ አካውንት አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር ነው፣ አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር። ሁለቱንም በራስሽ ስም ክፈቺ፣ በልጁ ስም አይሁን። ከኅዳር 2016 ወዲህ በግለሰብ ስም የተከፈተ የጎግል አካውንት አፑን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በአፑ ሙከራ ላይ ተመዝግበው መቆየት አለባቸው። አንዷ ከወጣች ቁጥሩ ስለሚጎድል 20 ያህል መዝግቢ። ሳሎን ወረፋ የሚጠብቁትን ጠይቂያቸው፣ ስልካቸው አንድሮይድ መሆኑን ብቻ አረጋግጪ።