እርማት፦ የተመዘገበ ሁሉ ቀመር ውስጥ አይገባም

«የሰበሰብነውን መረጃ ሁሉ ዝምድናውን የምናሰላበት ቀመር ውስጥ እናስገባ። ቢበዛ አይጎዳም።»

ይጎዳል። ኮዬ ፈጬ ላይ በእንጨት ማብሰል ከልጆች ተቅማጥ ጋር ይያያዝ እንደሆነ እናጠናለን እንበል። ገቢ ሁለቱንም ስለሚነካ፣ ማለትም አዛቢ ስለሆነ፣ መግባት አለበት። ጤና ጣቢያ መሄድ ግን ሌላ ነው። ጭሱ ያሳላል፣ ሳል ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ ተቅማጥም ይወስዳል። ከምክንያት ወደ ውጤት ቀስት ብንስል፣ ሁለት ቀስቶች ጤና ጣቢያ መሄድ ላይ ይጋጫሉ።

በምናባዊ ቁጥር እንየው። ገቢያቸው እኩል የሆነ 200 የእንጨት እና 200 የኤሌክትሪክ ቤት ልጆች አሉ። ከእያንዳንዱ ወገን ተቅማጥ የያዛቸው 40 ናቸው፤ ስለዚህ ዝምድና የለም። ተቅማጥ የያዛቸው ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ከቀሩት ደግሞ ከእንጨት ቤት 80፣ ከኤሌክትሪክ ቤት 40 በሳል ምክንያት ሄዱ። ጤና ጣቢያ መሄድን ቀመሩ ውስጥ ማስገባት የሄዱትን ለብቻ፣ ያልሄዱትን ለብቻ እንደማወዳደር ነው። አሁን ጤና ጣቢያ የመጡትን ብቻ ቁጠሩ። ከእንጨት ቤት 40 ከ120፣ ከኤሌክትሪክ ቤት 40 ከ80። እንጨት ከተቅማጥ የሚከላከል መሰለ! ይህን አምኖ ለእናቶች ምክር የሚሰጥ ሰው ሊኖር ይችላል፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። መረጃውን ከጤና ጣቢያ መዝገብ ብቻ መውሰድም ያው ስህተት ነው።

ለማጣራት መጀመሪያ ቀስቶቹን በወረቀት ሳሉ። ከዚያ dagitty.net ላይ አስገቡት፤ የትኛው መግባት እንዳለበት ያሳያችኋል። ቀስቶቹን ግን ፕሮግራሙ አያውቅም። እነሱን የሚያውቀው ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ጠይቁ።