የሚታደሰው ክፍያና የሚቋረጥበት መንገድ አንድ ቦታ አልተጻፉም

«ለእንግዳ ማረፊያችን ድረ ገጽ ልንከፍት ነው። የውሉ ደንብ እንግሊዝኛ ነው፣ ማለቂያም የለውም። ክፍያው በራሱ የሚታደስበትንና የምናቋርጥበትን ክፍል ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት የት እናገኘዋለን?» — ከባሕር ዳር፣ የጣና ዳር እንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ

ሁለቱ አንድ ቦታ አይገኙም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ክፍያው በራሱ እንደሚታደስ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በመክፈያው ገጽ ላይ፣ ከመክፈያው ቁልፍ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ በደቃቅና በፈዘዘ ፊደል ሰፍሮ ይገኛል። እንዴት እንደሚቋረጥ የሚናገረው ግን ሌላ ሰነድ ውስጥ ነው። ገንዘብ የሚመለስበት ሁኔታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ሰነድ አለው። አንዱን ያነበበ ሰው ሁሉንም ያነበበ መስሎት ይከፍላል።

ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ መሻገር የሚፈልግ እንግዳ ባሕር ዳር ከመድረሱ በፊት ማረፊያውን በስልኩ ስለሚፈልግ፣ ድረ ገጽ መክፈት ለማረፊያ ቤቶችም ለአስጎብኚዎችም የሥራቸው አካል ሆኗል። ድረ ገጹን በኢንተርኔት ላይ የሚያኖረው አገልግሎት ሆስቲንግ ይባላል፤ የሚሸጡትም በአብዛኛው የውጭ ድርጅቶች ናቸው። በራሱ በሚታደስ ክፍያ ረገድ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ዋጋና የሚታደሰው ዋጋ እጅግ ይራራቃሉ።

በገጹ አናት ላይ በትልቁ የሚታየው ዋጋ በወር 2.99 ዶላር ነው እንበል። ከቁጥሩ ጎን ትንሽ ኮከብ አለች። ኮከቢቱን ተከትላችሁ ወደ ገጹ ግርጌ ስትወርዱ "renews at $9.99/mo" የሚል ታገኛላችሁ። የአንድ ዓመት ውል ከሆነ አሁን የሚከፈለው 35.88 ዶላር ነው። በዓመቱ ከካርዱ የሚወሰደው ግን 119.88 ዶላር ይሆናል። «በወር» ተብሎ የተጻፈው ዋጋ በየወሩ የሚከፈል አይደለም፤ የዓመቱ ባንድ ጊዜ ነው የሚቆረጠው። ዋጋው የተሰላው በአራት ዓመት ውል ከሆነም፣ ብዙዎቹ ድርጅቶች የሚያድሱት ለዚያው ያህል ዘመን መሆኑን እዚያው ግርጌ ላይ ጽፈውታል። ስለዚህ ከዋጋው ጎን ኮከብ፣ ትንሽ ቁጥር ወይም "i" የምትል ምልክት ካያችሁ እሷን ሳትከፍቱ ወደ ክፍያ አትለፉ።

ቀጥሎ በገጹ የመጨረሻ ጥግ "Terms of Service" እና "Refund Policy" የሚሉትን ማያያዣዎች ክፈቱ። ሙሉውን ማንበብ አያስፈልግም፤ በቃል ፈልጉ። በኮምፒውተር ከሆነ Ctrl+F ተጫኑ፤ በስልክ ከሆነ የክሮም ሦስት ነጥቦችን ነክታችሁ "Find in page" የሚለውን ምረጡ። መጀመሪያ renew ብላችሁ፣ ቀጥሎ cancel፣ ከዚያም refund ብላችሁ ፈልጉ። የማቋረጫው አንቀጽ በስሙ የማይጠራበት ጊዜ ብዙ ነው፤ "Billing" ወይም "Term and Termination" በሚል ርዕስ ሥር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ርዕሶችን ብቻ እያየ የሚያልፍ ሰው የሚስተው ለዚህ ነው።

እዚያ አንቀጽ ውስጥ ዓይናችሁ ሊያርፍ የሚገባው በቀኑ ላይ ነው። ብዙ ሆስቲንግ ሻጮች ገንዘቡን የሚወስዱት ውሉ በሚያልቅበት ዕለት ሳይሆን ቀደም ብለው ነው፤ «ከማብቂያው 15 ቀን በፊት» የሚል ዓይነት ሐረግ ታገኛላችሁ። ይህን ወደ እኛ የቀን አቆጣጠር እናምጣው። ውሉ ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለትም በእነሱ ጃንዋሪ 15 ቀን 2026 ተጀመረ። የሚያልቀው ጥር 7 ቀን 2019 ነው። ገንዘቡ የሚወሰደው ግን ታኅሣሥ 22 ቀን፣ ገና ሳምንት ሲቀረው ነው። ማረፊያ ቤቱ ለገናና ለጥምቀት እንግዶች ወጪ በሚያወጣበት ሰሞን መሆኑ ነው። እንግዲህ በማስታወሻ ላይ መጻፍ ያለበት ጥር 7 ሳይሆን የታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። የመጨረሻዋን ቀን መጠበቅም አይገባም፤ በራሱ መታደሱን በከፈሉ ማግስት ማጥፋት ይቻላል፣ አገልግሎቱም የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል።

ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጹ ስም፣ ለብቻው የሚታደስ ሌላ ውል ነው። «የመጀመሪያው ዓመት በነጻ» ተብሎ ከሆስቲንጉ ጋር ቢሰጥም ሆስቲንጉን ማቋረጥ ዶሜይኑን ላያቋርጥ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ገንዘብ ይመለሳል የሚል ቃል ቢኖርም፣ የዶሜይኑ ዋጋ እንደማይመለስ ወይም ከተመላሹ ላይ እንደሚቀነስ ማረጋገጥ የሚቻለው በዚያው ሰነድ ውስጥ non-refundable ብሎ በመፈለግ ነው።

በእኛ አገር ሁኔታ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ለውጭ አገልግሎት የሚከፈለው ብዙ ጊዜ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። ካርዱ አንዴ ከተመዘገበ በዓመቱ የሚቆረጠው ከዘመድ ሒሳብ ነው፤ ማስጠንቀቂያው የሚላከው ግን መለያውን በከፈተው ሰው ኢሜይል ነው። ያ አድራሻ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይል ከሆነ ማንም አያየውም፣ ዘመድም ይቀየማል። ካርዱ ላይ ገንዘብ አለመኖሩም ውልን ማቋረጥ አይደለም፤ ሻጩ ደጋግሞ ሊሞክር ይችላል። በስልክ መተግበሪያዎችም ቢሆን መተግበሪያውን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም፤ በአንድሮይድ ፕሌይ ስቶር ገብቶ "Payments & subscriptions" በሚለው በኩል ማቋረጥ ያስፈልጋል።

ይህ የእኛ አለማንበብ ብቻ ነው ለሚሉ መልስ አለኝ። የአሜሪካ መንግሥት በሰኔ 2016 ዓ.ም. በንግድ ኮሚሽኑ አቅራቢነት አዶቤ የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ ከሶ ነበር። ክሱ በወር የሚከፈል የሚመስለው ውል በእርግጥ የዓመት መሆኑን፣ በመጀመሪያው ዓመት ለሚያቋርጥ ደንበኛም ቅጣት እንዳለው፣ ይህም በደቃቅ ጽሑፍና ካልነኳቸው በማይከፈቱ ምልክቶች ጀርባ መሸሸጉን ይገልጻል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎች ያላዩትን፣ ባሕር ዳር ያለች ሥራ አስኪያጅ አላየሽም ተብላ ልትወቀስ አይገባም።

ጠያቂዬ ራሷ ማረፊያዋን በውጭ የመያዣ ድረ ገጾች ላይ ስታስመዘግብ፣ እንግዳው እስከ መቼ ያለ ክፍያ መሰረዝ እንደሚችል ከክፍሉ ዋጋ ሥር ይታያል። እንግዳው የሚወስነው ዋጋውንና መሰረዣውን ባንድ ላይ አይቶ ነው። አንድን ክፍል ለአንድ ሌሊት ለሚያከራይ ሰው የተቻለ ነገር፣ ለዓመታት ውል ለሚያስገባ ኩባንያ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። በአጭር መልእክት የዜናና የጥያቄና መልስ አገልግሎት እየሸጡ ከስልክ ሒሳብ በየዕለቱ የሚቀንሱ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም ያው ነው፤ ማቋረጫውን ዋጋው በተጻፈበት መልእክት፣ በአማርኛ፣ ከዋጋው አጠገብ ሊያሰፍሩት ይገባል።

ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ሦስቱ ቃላት ተፈልገው ግልጽ መልስ ካልተገኘ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ለሻጩ የድጋፍ ክፍል ጻፉ፦ በየትኛው ቀን፣ ስንት ትወስዳላችሁ? ለማቋረጥስ የት ገብቼ ምን ልንካ? መልሱን በጽሑፍ ተቀብላችሁ ከመክፈያው ገጽ ፎቶ ጋር አስቀምጡት። የማይመልስ ሻጭ ካጋጠማችሁ ካርዱን አትስጡት።