ረጅሙን የደንበኛ ታሪክ በአንቀጽ አትቁረጡት

«ሁለት ሺህ ቃላት ያህል የሚሆን የደንበኛ የስኬት ታሪክ ጽፈን ድረ ገጻችን ላይ አውጥተናል። አምስት ቦታ ቆራርጠን ከሰኞ እስከ ዓርብ በማኅበራዊ ሚዲያ ብንለጥፈው አይበቃም ወይ?»

አይበቃም። ረጅም ታሪክ የሚጻፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሚያነብ ሰው ነው። ሁለተኛው አንቀጽ በአንደኛው ላይ ይቆማል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥርም ክብደት የሚያገኘው አንባቢው ችግሩን አስቀድሞ ስላየው ነው። ተቆራርጦ ሲለጠፍ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ይህ ነው፦ ሰኞ የደንበኛው ድርጅት ትውውቅ፣ ማክሰኞ ችግሩ፣ ረቡዕ መፍትሔው፣ ሐሙስ ውጤቱ፣ ዓርብ «ሙሉውን ያንብቡ»። የሰኞውን ማንም አይፈልገውም፤ የማያውቁት ድርጅት መቼ እንደተቋቋመ ለማወቅ ስልኩን የሚከፍት ሰው የለም። የረቡዑ ደግሞ የሰኞውንና የማክሰኞውን ላላየ ሰው ማስታወቂያ ብቻ ነው። የፌስቡክም ሆነ የሊንክድኢን ገጽ ልጥፎችን በወጡበት ቅደም ተከተል ብቻ አያሳይም፤ የረቡዑን ቅዳሜ የሚያይ፣ የሰኞውን ፈጽሞ የማያይ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ «ትናንት እንዳነበባችሁት» የሚል ሐረግ ያለበት ልጥፍ ገና ሲወጣ ተበላሽቷል።

እኔ የምለው ከተጠናቀቀው ጽሑፍ መጀመር እንደሌለብን ነው። መነሻው ቃለ መጠይቁ ነው። ረጅሙን ታሪክ ስንጽፍ ደንበኛውን አንድ ሰዓት ያህል አነጋግረን ቀርጸናል፤ ከዚያ ውስጥ ለታሪኩ የተጠቀምንበት ምናልባት ሩቡን ነው። የቀረው የተጣለው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን የታሪኩን ፍሰት ስለሚያቋርጥ ነው። አጭር ልጥፍ ግን ፍሰት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ብቻውን የሚቆም አንድ ነገር ነው።

አንድ ጊዜ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ደንበኛው የመኪና መለዋወጫ አከፋፋይ ነው፤ ሦስት መጋዘን አለው፤ የገዛውም የዕቃ ክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው። ረጅሙ ታሪክ የሚያበቃው «ወርኃዊ ቆጠራው ከአራት ቀን ወደ አንድ ቀን ወረደ» በሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። እኔም ይህ ቁጥር የሳምንቱ ጉልላት ይሆናል ብዬ ተነሣሁ። የቃለ መጠይቁን ጽሑፍ አትሜ በብዕር ሳነብ ግን ያሰመርኩባቸው ቦታዎች ሌሎች ሆኑ። ያሰመርኩት የሚናገረው ሰው ሐሳቡን የቀየረበትን፣ የፈራበትን፣ የተሳሳተበትን ወይም በእጁ የሠራውን ነገር የጠቀሰበትን ቦታ ሁሉ ነው። አሥራ አንድ ምልክት ተገኘ። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፦ ድርጅቱንም ሶፍትዌሩንም የማያውቅ ሰው ይህችን ብቻ ቢያነብ የሚይዘው ነገር አለ? ሰባቱ ወደቁ። አራት ቀሩ። ለአምስት ቀን አምስት ልጥፍ ማውጣት ግዴታ ስላልሆነ ሳምንቱን በአራት ጨረስኩት፤ አምስተኛ ፈልጌ ባወጣ ኖሮ ደካማው ጠንካሮቹን ይጎትት ነበር።

የመጀመሪያው የቆጠራው ዕለት ነው። ከመጋዘኑ ዕቃ መውጣት ይቆማል፣ የደንበኞች መኪናዎች በር ላይ ይሰለፋሉ፣ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዱ እየጠራ ሌላው እየጻፈ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ጥርጣሬው ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ሶፍትዌሩ ከገባ በኋላ ለሁለት ወር ያህል የወረቀት መዝገቡን ከጎን ይዞ ቀጥሎ ነበር፤ ማታ ማታ ሁለቱን ያስተያይ ነበር። ይህ በረጅሙ ታሪክ ውስጥ አንዲት ሐረግ ብቻ ነበረች። ነገር ግን ለመግዛት እያሰበ የሚያመነታ ሰው ራሱን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ በውጤቱ ላይ አይደለም። ውጤቱን ሁሉም ሻጭ ይናገራል።

ሦስተኛው ከሁሉም የበለጠ ስለሆነ በሙሉ ላስቀምጠው። በረጅሙ ታሪክ የተጻፈው «ድርጅቱ በትግበራው ወቅት የመረጃ ጥራት ተግዳሮት ገጥሞት በተቀናጀ ጥረት ተወጥቶታል» ተብሎ ነበር። በቃለ መጠይቁ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው፤ ልጥፉም እንዲህ ወጣ፦

«ፍሬን ሸራው ሦስት ስም ነበረው። አንዱ መጋዘን ‹ፍሬን ሸራ› ይለዋል፣ ሁለተኛው ‹የፊት ሸራ›፣ ሦስተኛው በፋብሪካ ቁጥሩ ብቻ ይመዘግበዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጋዘኖች መዝገቦች አዲሱ ሶፍትዌር ውስጥ ሲገቡ አንዱ ዕቃ ሁለት ዕቃ ሆነ። ኮምፒውተሩ አልቋል የሚለው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ሞልቶ ተገኘ። የመለዋወጫ አከፋፋዩ ሠራተኞች አንድ ሳምንት ሙሉ ስም ሲያስታርቁ ከረሙ። ዛሬ ደንቡ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የፋብሪካ ቁጥር፣ ቀጥሎ ስም። ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ብትሠሩ ያን ሳምንት ታተርፋላችሁ።»

እዚህ ልጥፍ ውስጥ ሦስት ነገር ልብ በሉ። የድርጅቱ ማንነት በሁለት ቃል ብቻ፣ ያውም መሐል ላይ ገብቷል፤ ብቻውን ለሚያነበው ይበቃል። መጀመሪያው መስመር ዕቃው ነው፤ በስልክ ላይ አንባቢው «ተጨማሪ» የሚለውን ከመንካቱ በፊት የሚያየው ጥቂት መስመር ስለሆነ ያን ቦታ ለድርጅት ስም መስጠት ብክነት ነው። መጨረሻው ደግሞ ምንም ለማይገዛው ሰው ጭምር የሚጠቅም ነው። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «የራሳችንን ምርት ችግር አወጣህ» ብለው ተቃውመው ነበር። ችግሩ ግን የምርቱ አልነበረም። ተደብቆ ቢቀር ኖሮ ደግሞ የሚቀጥለው ገዢ በራሱ መጋዘን ያገኘው ነበርና ያን ጊዜ የሚጠይቀው እኛን ነው።

አራተኛው ቁጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከአራት ቀን ወደ አንድ ቀን የወረደው ቆጠራ የሁለቱ መጋዘኖች ብቻ ነበር፤ ሦስተኛው ገና ሶፍትዌሩ ውስጥ አልገባም። በዚያው ጊዜም ድርጅቱ ለቆጠራው ሁለት ሰዎች ጨምሯል። ረጅሙ ታሪክ እነዚህን በሌላ አንቀጽ ስለሚናገር ውሸት አልነበረም። ቁጥሩ ብቻውን ተቆርጦ በትልቅ ፊደል በሥዕል ላይ ሲወጣ ግን ውሸት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁኔታው ከቁጥሩ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል፤ «በሁለቱ መጋዘኖች፣ ሁለት ሰዎች ተጨምረው፣ ከአራት ቀን ወደ አንድ ቀን»። ዓረፍተ ነገሩ ሥዕሉ ላይ ካልበቃ ሥዕሉ ይቀራል።

የርዝመት ነገር በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የተለየ ስለሆነ ላንሣው። ቴሌግራም ሰፊ ነው፤ አንድ መልእክት እስከ 4,096 ፊደል ይይዛል። ፎቶ ሲያያዝበት ግን የሥዕሉ መግለጫ በነጻ አካውንት 1,024 ላይ ያበቃል። ኤክስ ላይ ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በነጻ ለሚጠቀም ሰው ገደቡ 280 ነው ይባላል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ገደቡ ከ140 ሲያድግ በወጣው የአቆጣጠር ደንብ የላቲን ፊደል እንደ 1 ሲቆጠር የግዕዝ ፊደል እንደ 2 ይቆጠራል። ስለዚህ በአማርኛ የቀረን 140 አካባቢ ነው። የፍሬን ሸራው ልጥፍ እዚያ አይገባም፤ አሳጥሬ ለማስገባት ስሞክር የመጋዘኖቹ ስያሜዎች ጠፉና ነፍሱ ወጣች። በመጨረሻ ለኤክስ የሄደው «ፍሬን ሸራው በሦስት መጋዘን ሦስት ስም ነበረው። ኮምፒውተሩ አልቋል ሲል መደርደሪያው ሞልቶ ነበር።» የሚለው ብቻ ነው፤ ከሥሩ ወደ ረጅሙ ታሪክ የሚወስድ ሊንክ አለው። አንድ ጽሑፍ ለሁሉም መድረክ ይሁን ማለት አንዱን ልብስ ለሁሉም ልጅ ማልበስ ነው።

አሁን ወደ ፈቃዱ ልምጣ፤ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ረጅሙን ታሪክ አንብቦ ፈርሞ ነበርና ለአጫጭሮቹ ሌላ ፈቃድ አያስፈልግም ብዬ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ በቃለ መጠይቁ «የድሮው ቆጠራ ቆጠራ አልነበረም፤ ግምት ነበር» ብሏል። በረጅሙ ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ «የሰዎቹ ጥፋት አይደለም፤ በአራት ቀን ያን ሁሉ ዕቃ ማንም አይቆጥርም» የሚል ነበረበት። እኔ ለመጀመሪያው ልጥፍ ፊተኛውን ብቻ ከፎቶው ጋር አወጣሁት። ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ። አልተቆጣም፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር። ለዓመታት አብረውት የቆጠሩት ሰዎች ልጥፉን እየተቀባበሉ «እኛን ነው» እያሉ እንደሆነ ነገረኝ። ወዲያው አወረድኩት፤ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጋር መልሼ ያወጣሁት ራሱ አይቶ ከተስማማ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሳምንቱን ልጥፎች በሙሉ ከነሥዕላቸውና ከነቀናቸው በአንድ ሰነድ አድርጌ ለተናጋሪው ለራሱ እልካለሁ። ረጅሙን ያጸደቀው ሥራ አስኪያጁ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው የሚወጣው ግን የእሱ አይደለም።

የትኛው ልጥፍ እንደሠራ ለማወቅ የመውደድ ምልክት ብዙ አይነግረንም። በእያንዳንዱ ሊንክ መጨረሻ ላይ የተለየ መለያ አደርጋለሁ፤ `utm_content=three-names` በአንዱ፣ `utm_content=paper-ledger` በሌላው። በዚህ መንገድ ወደ ረጅሙ ታሪክ የመጣው አንባቢ ከየትኛው ልጥፍ እንደተነሣ ይታያል። ከዚያ ይልቅ የማምነው ግን የሽያጭ ሠራተኞችን ነው፦ ለገዢ በግል የሚልኩት የትኛውን ነው? በዚያ ሳምንት የላኩት የወረቀት መዝገቡን ነበር፤ ቁጥሩን የላከ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው መጋዘን ከወራት በኋላ ገባ። ለመጋዘኑ ኃላፊ ደውዬ በዚህኛው ስሞቹን ቀድመው አስታርቀው እንደሆነ ጠየቅኩት። ዕቃው ከመግባቱ በፊት ሁለት ቀን እንደወሰደባቸውና ከዚያ ወዲህ «አልቋል» የተባለ ዕቃ መደርደሪያ ላይ እንዳልተገኘ ነገረኝ። ይህ አምስተኛው ልጥፍ ሆነ።